ለ120 ዶላር የተያዘ 380 ዶላር

ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ ባለ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ታክሲ የሚሠራ ወዳጄ ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። በአረንጓዴ የተጻፈ 31.6 በመቶ የሚል ቁጥር ይታያል። «በሠላሳ ቀን ነው ይሄ! ባንክ በዓመትስ ይሰጥሃል?» አለኝ። ሊገባበት ያሰበው ንግድ ቡል ፑት ስፕሬድ የሚባለው ነው። ከሥሩ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ፤ 120፣ 380፣ 93.80። «ይሄ 380 ከየት መጣ?» ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። «ስልኩ ነው ያሰላው።»

እኔ ደግሞ ስልክ ያሰላውን በእጁ ማስላት የማይችል ሰው ገንዘቡን ባያስገባ ይሻላል የምል ነኝ። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ የመቀነስና የማካፈል ሒሳብ ነው። ስለዚህ በደረሰኝ ጀርባ ላይ አብረን ሠራነው።

መጀመሪያ ፑት ምን እንደሆነ። ፑት የመሸጥ መብት ነው። የገዛው ሰው አንድን አክሲዮን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ፣ ለሻጩ ማስረከብ ይችላል። ሻጩ ለዚህ መብት ዛሬውኑ ገንዘብ ይቀበላል፤ በምትኩ «አስረክብሃለሁ» ከተባለ የመቀበል ግዴታ አለበት። አንድ ውል ብዙውን ጊዜ 100 አክሲዮን ስለሚይዝ ስልኩ ላይ የሚታየው ዋጋ ሁሉ በ100 ይባዛል። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሚሸጠው የመግዛት መብት ብቻ ነበር፤ ፑት የተጨመረው በ1977 ነው።

ነገሩን በመድን ዓይን ማየት ይቀላል። ፑት የሚሸጥ ሰው እንደ መድን ድርጅት ነው፤ ዓረቦን ይቀበላል፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ከወደቀ ይከፍላል። ዋጋው ክፉኛ ከወደቀ ግን ክፍያው ኪሱን ሊያራቁት ይችላል። ስለዚህ ከተቀበለው ዓረቦን ላይ ቆንጥሮ ለራሱ ዝቅ ባለ ዋጋ ሌላ ፑት ይገዛል። በመድን ሰዎች አነጋገር ይህ ጠለፋ መድን ነው። ሁለቱ ውሎች አንድ ላይ ሲሆኑ ስፕሬድ ይባላሉ።

ወዳጄ ያየው አክሲዮን በዚያን ቀን 100 ዶላር ነበር። በ30 ቀን ውስጥ የሚያበቃ የ95 ዶላር ፑት በ2.10 ሸጦ፣ ለዚያው ቀን የ90 ዶላሩን ፑት በ0.90 ሊገዛ ነው። ልዩነቱ 1.20 ነው፤ በ100 ሲባዛ 120 ዶላር። ይህ ገንዘብ ንግዱ በተከፈተበት ደቂቃ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል፤ ሊያገኝ የሚችለውም ከዚህ አይበልጥም። አክሲዮኑ ወደ 105 ቢወጣ ወይም ወደ 200 ቢተኮስ ያው 120 ነው። «ቡል» ማለት ኮርማ ነው፣ በገበያው ቋንቋ ዋጋ ይወጣል ባይ፤ እዚህ ግን ኮርማው መሮጥ የለበትም፣ ካልተኛ ይበቃል። ዋጋው በማብቂያው ቀን ከ95 በላይ ከቆየ ሁለቱም ፑቶች ዋጋ አልባ ሆነው ያበቃሉ፣ 120ውም የእሱ ይሆናል።

አሁን ትልቁን ኪሳራ እንፈልግ። አክሲዮኑ 80 ዶላር ላይ ወደቀ እንበል። የ95ቱን ፑት የገዛው ሰው «በ95 ተቀበለኝ» ይላል፤ ወዳጄም ይቀበላል። እሱ ደግሞ የራሱን የ90 መብት አንሥቶ ያንኑ አክሲዮን በ90 ያስረክባል። በአንድ አክሲዮን 5 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ዋጋው 80 ሳይሆን 20 ቢሆንስ? አሁንም በ95 ተቀብሎ በ90 ያስረክባል፤ ኪሳራው አሁንም 5 ነው። ከዚህ ላይ መጀመሪያ የተቀበለው ይቀነሳል፦

5.00 − 1.20 = 3.80፣ በ100 ሲባዛ 380 ዶላር።

የሁለቱ የውል ዋጋዎች ርቀት ሲቀነስ የተቀበልከው፣ አለቀ። ስልኩ 380 ያለው ይህንን ነው፤ ደላላው ድርጅትም ከሒሳቡ ላይ መያዣ አድርጎ የሚያስረው ይህንኑ ያህል ነው። ወዳጄ እዚህ ላይ ቀና ብሎ «እና እኔ 380 አስይዤ ነው 120 የማገኘው?» አለ። አዎ።

መካካሻው ነጥብ፣ ማለትም የማያተርፍበትም የማይከስርበትም ዋጋ፣ ከላይኛው የውል ዋጋ ላይ የተቀበለውን በመቀነስ ይገኛል፦

95 − 1.20 = 93.80።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ከ90 ወይም ከዛሬው ዋጋ ከ100 ላይ በመቀነስ ነው። ለምን ከ95 እንደሆነ ለማየት አክሲዮኑ በማብቂያው ቀን በትክክል 93.80 ላይ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። የሸጠው ፑት 1.20 ያስከፍለዋል፤ የ90ው ፑት ገና ስላልተነካ አይረዳውም፤ የተቀበለው 1.20 ግን በእጁ አለ። ተካካሱ። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ዶላር 100 ዶላር ይወስድበታል፤ 92 ላይ ቢዘጋ የሸጠው ፑት 3 ዶላር ያስከፍላል፣ 1.20 ሲነሣለት 180 ዶላር ከሰረ። 90 ላይ ጠለፋ መድኑ ይቀበለውና ኪሳራው 380 ላይ ይቆማል።

ወዳጄን ያስደሰተው ቁጥር የመጨረሻው ነው። በአደጋ ላይ ያለው ገንዘብ ስንት ያስገኛል ቢባል፦

120 ÷ 380 = 0.316፣ ማለትም 31.6 በመቶ።

ስሌቱ ትክክል ነው። ሆኖም ይህንን ቁጥር ከባንክ ወለድ ጋር ማወዳደር ስሕተት ነው። ወለድ ዋናው ገንዘብ ተቀምጦ የሚጨመር ነው፤ ይህ ግን ዋናው በሙሉ ሊሄድ የሚችልበት ውርርድ ላይ፣ ሲሳካ ብቻ የሚገኝ ትርፍ ነው። በ12 ወር አባዝቶ «በዓመት ይህን ያህል» ማለት ደግሞ አሥራ ሁለት ጊዜ አልሳሳትም ማለት ነው።

ይልቅ ከነዚሁ ቁጥሮች የሚወጣ፣ ወዳጄ ልብ ያላለው አንድ ሌላ ቁጥር አለ። ነገሩን ለማቅለል ሁለት ውጤት ብቻ አለ እንበል፤ ወይ 120ው በሙሉ ይገኛል፣ ወይ 380ው በሙሉ ይጠፋል። ላለመክሰር ብቻ ከመቶ ስንት ጊዜ ማሸነፍ አለበት? 380ን በ500 ማካፈል ነው፤ 76 በመቶ ይሆናል። ከአራት ጊዜ ሦስቱን ቢያሸንፍ ሦስት ጊዜ 120 ማለት 360 ነው፤ አራተኛው 380 ይዞበት ይሄዳል። ከአራት ሦስቱን እየረታ 20 ዶላር ጎደለው! እውነተኛው ሕይወት በመካከል የሚቀሩ ውጤቶችም ስላሉት ስሌቱ ግምት ነው፤ የነገሩን ጠባይ ግን ያሳያል።

ይህን ሲሰማ ወዳጄ ወደ ታች ወረደ። «እንግዲያው ራቅ ያለውን ልሽጥ፣ 85ቱን። እዚያ ድረስ አይወድቅም።» የ85ቱን ሸጦ የ80ውን ሲገዛ ስልኩ ላይ የሚያገኘው 0.40 ነው። ትልቁ ኪሳራ 4.60፣ ማለትም 460 ዶላር፤ መካካሻው 84.60፤ ትርፉ ከአደጋው 8.7 በመቶ። ላለመክሰር ከመቶ 92 ጊዜ ማሸነፍ አለበት፤ አንድ ሽንፈት ከአሥራ አንድ በላይ ድል ይበላል። የመውደቅ ዕድሉ ሲያንስ ክፍያውም አብሮ ያንሳል፤ ገበያው ርኅሩኅ ስላልሆነ በነጻ የሚሰጥ ደኅንነት የለውም። ስለዚህ የበለጠው መቶኛ የተሻለው ንግድ ነው ማለት አይቻልም፣ የሚያንሰውም የተሻለ አይደለም።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ደግሞ አለ። ስልኩ ላይ የሚታየው 1.20 ብዙውን ጊዜ ገዢ በሚሰጠውና ሻጭ በሚጠይቀው መካከል ያለ አማካይ ነው። ንግዱ በ1.10 ቢያዝለት ትልቁ ኪሳራ 390፣ መካካሻው 93.90፣ ትርፉ 28.2 በመቶ ይሆናል። አሥር ሳንቲም ብቻ ተቀንሶ መቶኛው ከሦስት በላይ ወረደ። ሦስቱን ቁጥሮች ከንግዱ በፊት ባየው ዋጋ ሳይሆን በተያዘለት ዋጋ እንደገና ማስላት፣ የደላላውን ክፍያም መቀነስ ያስፈልጋል።

የቀረው፣ ስልኩም በትልልቅ ፊደል የማይጽፈው፣ 380 ሁልጊዜ የመጨረሻው ጣሪያ አለመሆኑ ነው። 380 እውነት የሚሆነው ሁለቱ ፑቶች አብረው እስካሉ ድረስ ነው። ማብቂያው ዓርብ ነው፤ አክሲዮኑ 93 ላይ ዘጋ እንበል። የ95ቱ ፑት ዋጋ ስላለው በባለቤቱ ስም በቀጥታ ይፈጸማል፤ ወዳጄ 100 አክሲዮን በ95 ይረከባል፣ 9,500 ዶላር። የ90ው ፑት ግን ዋጋ ስለሌለው እዚያው ሞተ። ጠለፋ መድኑ አለቀ፣ አክሲዮኑ ግን እጁ ላይ ቀረ። ቅዳሜና እሑድ ክፉ ዜና ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ገበያው በ85 ቢከፈት፣ በ95 የተረከበውን በ85 ይሸጣል፤ 1,000 ዶላር ኪሳራ፣ ከ120ው ጋር ሲካካስ 880። ከተነገረው «ትልቁ ኪሳራ» በእጥፍ ይበልጣል። በኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ላይ የሚነገዱት ኦፕሽኖች በገንዘብ ብቻ ስለሚወራረዱ ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ በተራ አክሲዮን ላይ ግን አለ። በዚያ ላይ የአክሲዮን ፑት ከማብቂያው ቀን በፊትም ሊፈጸም ይችላል፤ ያኔ ግን የ90ው ፑት ገና በሕይወት ስለሚኖር ጣሪያው አይፈርስም።

ወዳጄ ንግዱን ገባበት፤ በ1.20 ተያዘለት። በማብቂያው ዓርብ ከቀትር በኋላ ደወለልኝ። አክሲዮኑ 93 ላይ ነበር፤ ገበያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ሁለቱንም ውሎች በአንድ ላይ መልሶ ለመዝጋት 2.05 ይጠይቁታል።

«ብጠብቅ ወደ ላይ ይመለስ ይሆናል እኮ» አለኝ።

«9,500 ዶላር አለህ?»

«ከየት አምጥቼ!»

በ2.05 ዘጋው። 85 ዶላር ከሰረ።