ከእናት ደም ኦክሲጅን የሚስበው የፅንስ ደም

እ.ኤ.አ. በ2007 አራት ተራራ ወጪዎች ከኤቨረስት ጫፍ ሲመለሱ 8,400 ሜትር ላይ ቆሙ። የኦክሲጅን ጭንብላቸውን አውልቀው፣ በዚያ ብርድ ልብሳቸውን ከፍተው ከጭናቸው የደም ሥር ደም አስቀዱ። የተገኘው የኦክሲጅን ግፊት በአማካይ 24.6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነበር። በባሕር ጠለል ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው 100 ገደማ አለው።

ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ከዚህ ብዙም አይሻልም። ከእንግዴ ልጅ ተነሥቶ በእትብት በኩል ወደ እርሱ የሚገባው ደም፣ ማለትም ፅንሱ ከሚያገኘው ሁሉ በኦክሲጅን የበለጸገው፣ ግፊቱ 30 አካባቢ ነው። ተራራ ወጪው እዚያ ከፍታ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ ሌላውን ለማስከተል ይቸገራል፤ ፅንሱ ግን ልብ፣ አንጎልና አጥንት ይሠራል። ይህን የሚያስችሉት ነገሮች ብዙ ቢሆኑም በጣም የሚገርመው በቀይ የደም ሴሎቹ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው።

ሄሞግሎቢን ከአራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። በአዋቂ ሰው ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ደግሞ ቤታ ይባላሉ። እያንዳንዱ ሰንሰለት ሄም የሚባል ጠፍጣፋ ነገር አቅፏል፤ በሄሙ መካከል አንድ የብረት አቶም አለ፤ ኦክሲጅን የሚይዘውም ይህ ብረት ነው። ስለዚህ አንድ ሄሞግሎቢን ቢበዛ አራት የኦክሲጅን ሞለኪዩል ይሸከማል። ቅርጹን በኤክስሬይ ያሳየው ማክስ ፔሩትስ ሲሆን ለዚሁ ሥራው በ1962 ኖቤል ተሸልሟል።

አራቱ ሰንሰለቶች ግን በየፊናቸው አይሠሩም። ገበታ ቀርቦ ማንም ቀድሞ እጁን መዘርጋት ሲያፍር፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ሁሉ እንደሚከተለው ነው ነገሩ። የመጀመሪያው ኦክሲጅን በጭንቅ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን የፕሮቲኑ ቅርጽ ጥቂት ዞር ይልና ለቀሪዎቹ ቦታው ይመቻል። ከዚህም የተነሣ በአንድ ዘንግ የኦክሲጅንን ግፊት፣ በሌላው የሄሞግሎቢንን ሙሌት አድርገን ብንስል የምናገኘው ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ መጀመሪያ የሚያዘግም፣ መሐል ላይ ሽቅብ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ የሚተኛ ኩርባ ነው። ሳንባ ውስጥ ግፊቱ 100 ስለሆነ ሄሞግሎቢኑ ከሞላ ጎደል ይሞላል። ግፊቱ ወደ 20 በወረደበት በሚሠራ ጡንቻ ውስጥ ግን ሙሌቱ ወደ 30 በመቶ ይወርዳል፤ የቀረውን ኦክሲጅን አራግፏል ማለት ነው።

ኩርባው በአንድ ቦታ ተቸክሎ አይኖርም። ሐኪሞች የሚለኩት ሄሞግሎቢኑ ግማሽ የሚሞላበትን ግፊት ነው፤ ለአዋቂ ይህ ቁጥር 27 ገደማ ነው። ሙቀት፣ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዙ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ኩርባውም ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ይህም ሄሞግሎቢኑ ኦክሲጅኑን በቀላሉ ይለቃል ማለት ነው። በዚህ ረገድ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሚና የገለጹት ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦርና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጊዜውም 1904 ነበር። ደም ሲቀዘቅዝ ወይም አሲዱ ሲቀንስ ደግሞ ኩርባው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሄሞግሎቢኑ ጨብጦ ይይዛል።

ሌላው የቀኝ ገፊ ቀይ የደም ሴል ራሱ የሚሠራው ቢፒጂ የሚባል ትንሽ ሞለኪዩል ነው። አሉታዊ ሙል ስላለው በሁለቱ ቤታ ሰንሰለቶች መካከል ባለው ክፍተት ይሸጎጥና አዎንታዊ ሙል ባላቸው ቦታዎች ይጣበቃል፤ ሄሞግሎቢኑንም ኦክሲጅን በሚለቅበት ቅርጹ ያቆየዋል። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ቢፒጂው የሚጨምረው ለዚህ ነው።

የፅንሱ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፅንሱ በቤታ ፈንታ ጋማ የሚባሉ ሰንሰለቶች አሉት። በቤታ ሰንሰለት 143ኛው ቦታ ላይ ሂስቲዲን የሚባል፣ አዎንታዊ ሙል ሊይዝ የሚችልና ቢፒጂን የሚስብ አሚኖ አሲድ ተቀምጧል፤ በጋማ ግን በዚያው ቦታ ሙል የሌለው ሰሪን አለ። ቢፒጂ የሚይዘው ነገር ስላነሰው በደንብ አይጣበቅም። በዚህ የተነሣ የፅንሱ ሄሞግሎቢን ግማሽ የሚሞላበት ግፊት ከ27 ወደ 20 ገደማ ይወርዳል።

ሰባት ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። ሁለቱን ደም በአንድ ግፊት፣ በ30 ላይ፣ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ግን የእናቲቱ ሄሞግሎቢን 57 በመቶ ያህል፣ የፅንሱ ደግሞ 76 በመቶ ያህል ተሞልቶ እናገኘዋለን። እናትየዋ በምትለቅበት ግፊት ልጅ ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፅንሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ እናቱ ደም ይጥላል፤ የእርሷ ኩርባ ወደ ቀኝ፣ የእርሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ኦክሲጅን የሚሻገርበት ልዩነትም በዚያው መጠን ይሰፋል። ሁለቱ ደሞች አይቀላቀሉም፤ በመካከላቸው ስስ ግድግዳ አለ።

እንዲህ ከጨበጠ ታዲያ ለፅንሱ አካል እንዴት ይለቅለታል? የፅንሱ አካል የሚሠራው በዝቅተኛ ግፊት፣ ኩርባው ቁልቁል በሚወርድበት ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ግፊቱ ትንሽ ሲቀንስ ብዙ ኦክሲጅን ይራገፋል።

ነገሩን ግን አጋንኖ ማየት አይገባም። በዘር ምክንያት በአዋቂነታቸውም ሄሞግሎቢናቸው የፅንስ ዓይነት ሆኖ የቀረ ሴቶች አሉ፤ በእነርሱና በፅንሳቸው መካከል ልዩነቱ የለም፤ ሆኖም ጤናማ ልጆች ወልደዋል። ፅንሱ የሄሞግሎቢን ብዛትም፣ ለክብደቱ ሲታይ ከአዋቂ የሚበልጥ የደም ፍሰትም ስላለው በአንድ መንገድ ብቻ አይተማመንም።

ሕፃኑ ሲወለድ ከሄሞግሎቢኑ ከ60 እስከ 80 በመቶው የፅንስ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ቤታ ሰንሰለት ይተካዋል።

ይህ የመጨበጥ ኃይል የሚያጠፋበት ጊዜም አለ፤ በአገራችን ደግሞ ሩቅ አይደለም። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ሲጠፋ አደጋው አለፈ ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ያልተገባ ልማድ ነው፤ ፍሙም ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ብረቱን ይይዛል። ጉዳቱ ቦታ መያዙ ብቻ አይደለም፤ በቀሩት ቦታዎች ያለውን ኦክሲጅንም እንዳይለቅ ያደርጋል፣ ኩርባውን ወደ ግራ ይገፋዋል። የፅንሱ ኩርባ ቀድሞውኑ ግራ ላይ ነው።

ጋዙ ወደ ፅንሱ የሚሻገረው ቀስ ብሎ ነው፤ መጠኑ ግን በኋላ ከእናቲቱ ሊበልጥ ይችላል፣ ሲወጣም ይዘገያል። እናትየዋ ራስ ምታቷ ለቆ፣ ማቅለሽለሹ ቆሞ «ዳንኩ» ስትል ፅንሱ ገና አልተላቀቀም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያም ያሳስታል፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን በኦክሲጅን እንደተሞላ ቆጥሮ 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ይህን ጋዝ ለይቶ በሚለካ የደም ምርመራ ነው። ሕክምናው በጭንብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክሲጅን ነው፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ከሌላው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭም ይቅር። ከሰል በነደደበት ክፍል ራሷን ያመማት ወይም ያዞራት እርጉዝ ሴት ንጹሕ አየር አግኝታ ቢሻላትም እንኳ ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ እዚያም ከሰል ሲነድ እንደነበረና እርጉዝ መሆኗን ሳትጠየቅ ትናገር።