ድርድሩ ላይ ላልነበሩት ሥራ አስኪያጅ

የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አውሮፕላን ላይ ሳሉ ከሐምቡርግ ገዢ ጋር የተያዘው የስልክ ድርድር ያለ እሳቸው ተካሄደ እንበል። ጉዳዩ የሁለት ኮንቴይነር፣ ማለትም 640 ጆንያ የታጠበ ይርጋጨፌ ነው። ውሉ እርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ገዢው ናሙናውን ለክቶ 12.6 አገኘሁ ብሏል፤ የላኪው መለኪያ ግን 11.8 አሳይቷል። ንግግሩ ከሮ ነው የተጠናቀቀው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚጽፈው ታሪክ ነው፤ እሱ እንዲህ አለ፣ እኛ እንዲህ መለስን እያለ። አለቃው ከእሳቸው የሚፈለገውን የሚያገኙት መጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያ ካነበቡ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎን ውሳኔ የሚጠብቅ አንድ ጉዳይ አለ፦ የዋጋ ቅናሹ። እስከ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት (በሐምቡርግ 14፡00) እንመልሳለን ብለናል።
የተስማማነው፦ ጭነቱ በሁለት ሳምንት ይራዘማል፤ አዲስ ናሙና በእኛ ወጪ እንልካለን።
ያልተስማማነው፦ የእርጥበቱ ልክ (12.6 ይላሉ፣ 11.8 እንላለን)። በፓውንድ 12 ሴንት ቀንሱ ብለዋል፤ በጠቅላላው 10,160 ዶላር ገደማ ይሆናል። አልተቀበልንም፤ በሩንም አልዘጋንም።
ያልለየለት፦ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ይለካው ስንል ዝም አሉ።
የእኔ አስተያየት፦ አዲሱ ናሙና ሳይለካ ስለ ቅናሹ ባንነጋገር።»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ያልለየለት» የሚለው መስመር ነው። ዝምታን እሺታ አድርጎ «ተስማምተናል» ውስጥ የከተተ ጸሐፊ፣ አለቃው በሚቀጥለው ስልክ «ላቦራቶሪውን ተቀብላችሁ የለ?» ብለው እንዲሳሳቱ ያደርጋል። ዝምታው «ያልተስማማነው» ውስጥ ቢገባም ያው ስህተት ነው፤ ገዢው እምቢ አላለምና።

ሴንቱም ወደ ጠቅላላ ዶላር መቀየር አለበት። 12 ሴንት ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ 38,400 ኪሎው ወደ ፓውንድ ተቀይሮ ሲባዛ ነው ክብደቱ የሚታየው። ሁለቱ የእርጥበት ቁጥሮችም ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ ቡና ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በደንብ ያልታሸገ ናሙና መንገድ ላይ ሊለወጥ ይችላል፤ መለኪያዎችም በአግባቡ ካልተስተካከሉ ይለያያሉ። ስለዚህ ማንም ሳይዋሽ ሁለት ቁጥር ሊወጣ ይችላል። «ገዢው ያጭበረብራል» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን በር ዘግቶታል።

ስለ ቁጣውስ? «በጣም ተናደዋል» ማለት ለአለቃው ብዙም አይነግራቸውም። «ውሉን እንሰርዛለን የሚለውን ሁለት ጊዜ አንስተዋል» ቢባል ግን ምን ያህል እንደከረረ ራሳቸው ይመዝናሉ።

ለገዢው የሚላከው ማረጋገጫ ሌላ ደብዳቤ ነው። የተስማማንበትና ያልተስማማንበት ብቻ በዚያው ቀን ይጻፍለታል። የውስጡን መልእክት ቆርጦ ለእሱ ማስተላለፍ ግን አደገኛ ነው፤ «በሩንም አልዘጋንም» የምትለዋ ሐረግ ሳትቆረጥ ከሄደች፣ ገዢው ከ12 ሴንቱ አንዷንም አይቀንስም።