ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ደረሰኝ

የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ አነስተኛ ሱቅ በኅዳር ወር፣ ቫት ሳይጨመር፣ የ200,000 ብር ሽያጭ አከናወነ እንበል። ከደንበኞቹ የሰበሰበው 15 በመቶ 30,000 ብር ነው። በግዥ የከፈልኩት 27,000 ነው ብሎ በታኅሣሥ አስታወቀና ልዩነቱን 3,000 ብር ከፈለ። በየካቲት ሒሳብ ያዡ የግዥ ዝርዝሩን ከደረሰኞቹ ጋር ሲያመሳክር አንድ የ60,000 ብር የወረቀት ግዥ ሁለት መስመር ይዞ አገኘው። አንዱ ከማሽን የወጣው ደረሰኝ፣ ሌላው አብሮት የተሰጠው በእጅ የተጻፈ አታችመንት ነበር።

አታችመንት የዕቃውን ዝርዝር የሚያሳይ ተጓዳኝ ወረቀት ነው፤ ለብቻው ቫት አያስቀንስም። መለያው የኤፍ ኤስ ቁጥር ነው። በአታችመንቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር አንድ ከሆነ ግዥውም አንድ ነው። ስለዚህ 9,000 ብር ያለአግባብ ተቀንሷል፤ መከፈል የነበረበት 12,000 ብር ነው።

ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ የሚመርጠው አቋራጭ 9,000ውን በየካቲት ዲክላሬሽን ላይ ዝም ብሎ ማካተት ነው። እኔ አልመክርም። ጉድለቱ የኅዳር ስለሆነ የኅዳሩ ሒሳብ እንደተሳሳተ ይቀራል፣ የየካቲቱም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ከፋዩ ራሱ ያስታወቀው እንዲሻሻልለት በጽሑፍ የማመልከት መብት ይሰጠዋል። ማመልከቻው ወሩን፣ የሚታረመውን መጠንና ምክንያቱን ይገልጻል፤ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይያያዙበታል።

ዘግይቶ መክፈል ዋጋ አለው። ከታኅሣሥ 30 በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ ይጨመራል። በየካቲት ከተከፈለ 450 እና 180፣ በድምሩ 630 ብር ቅጣት ማለት ነው፤ ወለዱ ለብቻው ይታሰባል። ኦዲተር ቀድሞ ካገኘው ግን አሳንሶ የማስታወቅ ቅጣትም አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጉድለቱ 10 በመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 30 በመቶ ነው።

ይህ ሱቅ ደረሰኞቹ እስኪጣሩ ብሎ ዲክላሬሽኑን ቢያዘገየው የባሰ ይጎዳ ነበር። በዚሁ አዋጅ አዘግይቶ የማስታወቅ ቅጣት በወር 5 በመቶ ቢሆንም ዝቅተኛ ወለል አለው፤ ከ10,000 ብርና ከታክሱ ሙሉ መጠን ያነሰው ይወሰዳል። የ12,000 ብር ታክስ በአንድ ቀን ቢዘገይ ቅጣቱ 10,000 ይሆናል። ምንም የሚከፈል ታክስ በሌለበት ወርም ያላስታወቀ 10,000 ብር ይቀጣል። ሱቁን ለወር ዘግቶ አገር ቤት የሄደ ነጋዴ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ይህ ይከብደኛል። ቅጣቱ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል፤ ፍሬ ታክሱ ግን በዚያ ማመልከቻ አይነሳም።

ስለዚህ የማስታወቂያው ቀነ ገደብ ሳያልፍ በእጅ ባለው ደረሰኝ ልክ ማስታወቅ፣ ስህተት ሲገኝም ስህተቱ ባለበት ወር ስም ማሳረም ይበጃል።