በሩ ከመከፈቱ በፊት

በብዙ ፋብሪካዎቻችን የደህንነት መመሪያ ማለት ከማሽኑ ጎን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ነው። ሠራተኛው ሲቀጠር ይፈርምበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው የለም። ጥፋቱ ግን የሠራተኛው አይደለም። ወረቀቱ የተጻፈው ለኦዲተር ወይም ለሕግ ክፍል እንጂ እጁን ማሽን ውስጥ ለሚያስገባ ሰው አይደለም።

ነገሩን በአንድ ማሽን እንመልከተው። በእንስሳት መኖ ፋብሪካ ውስጥ በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ የሚደባለቁበት ትልቅ ማደባለቂያ አለ። አግዳሚ በርሜል መሰል አካሉ ውስጥ ጥምዝምዝ ብረት የተገጠመለት ዘንግ በሞተር ይሽከረከራል። ከሥሩ ያለው የማውጫ በር የሚከፈተውና የሚዘጋው ከኮምፕሬሰር በሚመጣ የታመቀ አየር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት የኃይል ምንጭ አለው፤ ኤሌክትሪክና አየር። መኖ ግድግዳው ላይ ሲጋገር ሠራተኛው በጎን ያለውን የጽዳት በር ከፍቶ፣ ክንዱን አስገብቶ ይፍቃል። እዚህ መመሪያ ላይ የሚጻፈው አንቀጽ ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ማደባለቂያውን ለማጽዳት የሚመደብ ሠራተኛ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ማድረግ ያለበት ሲሆን፣ የጽዳት በሩ ከመከፈቱ በፊት በማውጫው በር የአየር መስመር ውስጥ ያለው የታመቀ አየር መውጣቱ፣ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቶ መቆለፉና ቁልፉም በሠራተኛው እጅ መሆኑ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ይህም የሚከናወነው ማሽኑ በማቆሚያ ቁልፉ እንዲቆም ከተደረገና የመስመሩ ኃላፊ እንዲያውቅ ከተደረገ በኋላ ሲሆን፣ የማስነሻ ቁልፉን በመጫን ማሽኑ እንደማይነሳ ሳይረጋገጥ ጽዳት መጀመር የለበትም።»

ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ሐሳቡም ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ነገር ግን ሠራተኛው አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። መጀመሪያ የሚያነበው ስለ በሩ መከፈት ነው፤ በሩ ግን መከፈት ያለበት ከሁሉም በኋላ ነው። ቀጥሎ አየሩ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩ፣ ከዚያ ቁልፉ ይመጣል። ከሁሉም መቅደም የነበረበት ለኃላፊው ማሳወቅ የተጠቀሰው ወደ መጨረሻው ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት አማርኛ «ከ… በፊት» ሲል የኋለኛውን ሥራ አስቀድሞ መጥራቱ ነው። በወሬና በደብዳቤ ይህ ችግር የለውም። አንድ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ፣ አንድ እጁ ማሽኑ ላይ ላለ ሰው ግን «በሩ ከመከፈቱ» የሚለውን ሲያነብ እጁ ወደ በሩ ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት «ጠፍቶ መቆለፉ መረጋገጥ ይኖርበታል» የሚለው አጻጻፍ ነው። ማን ያጠፋል? ማን ይቆልፋል? ሠራተኛው «ኤሌክትሪሻኑ አጥፍቶታል» ብሎ፣ ኤሌክትሪሻኑም «ሠራተኛው ያጠፋዋል» ብሎ ሁለቱም ሊያልፉት ይችላሉ። በዚህ ላይ አንቀጹ የሚጫነውንም፣ የሚቆለፍበትንም «ቁልፍ» እያለ ይጠራል። ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው የሚጫነውን «በተን»፣ የሚንጠለጠለውን «ጓጉንቸር» ነው የሚለው። መመሪያውም እነዚሁን ቃላት ቢጠቀም ማንም አይሳሳትም።

አንቀጹን መበተን ሲባል ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ነጥብ በነጥብ መቆራረጥ አይደለም። ቢቆራረጥ ያው የተዘበራረቀ ቅደም ተከተል በቁጥር ተጽፎ ይቀራል። ሥራው የሚጀምረው ከወረቀቱ ሳይሆን ከማሽኑ ነው። ጸሐፊው ማሽኑን ዘወትር የሚያጸዳውን ሠራተኛ «እስቲ እንደምትሠራው አሳየኝ» ብሎ አጠገቡ ይቆማል፤ እጁ የነካውን ሁሉ በነካበት ቅደም ተከተል ይጽፋል። ከዚያ ከአንቀጹ ጋር ያስተያየዋል። በእኛ ምሳሌ ይህ ሲደረግ ሁለት ጉድለቶች ብቅ ይላሉ። አንቀጹ አየሩ ይውጣ ይላል እንጂ ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው ቫልቭ ይዘጋ አይልም። ቫልቩ ካልተዘጋ የወጣው አየር ወዲያው ይተካል። ሌላው፣ በተኑ ተጫነ ማለት ዘንጉ ቆመ ማለት አይደለም። ከባድ ዘንግ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ጥቂት ይዞራል። እነዚህ ሁለት ክፍተቶች በረጅሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሸፍነው ነበር፤ አንድ ተግባር በአንድ መስመር ሲጻፍ ግን ማንም ያያቸዋል።

ተበትኖ፣ ተሟልቶ፣ በቅደም ተከተሉ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

1. ለሱፐርቫይዘሩ «ማደባለቂያውን ላጸዳ ነው» ብለው ይንገሩ።
2. ቀዩን በተን ይጫኑ።
3. ዘንጉ ፈጽሞ እስኪቆም ይጠብቁ።
4. ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ «0» ያዙሩ።
5. ማብሪያ ማጥፊያውን በራስዎ ጓጉንቸር ይቆልፉ።
6. የአየር ቫልቩን ይዝጉ።
7. ቫልቩን በሁለተኛው ጓጉንቸርዎ ይቆልፉ።
8. ሁለቱን ቁልፎች ኪስዎ ይክተቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ እጅዎን ከማውጫው በር ያርቁ። አየሩ ሲወጣ በሩ በድንገት ሊንቀሳቀስ ይችላል።

9. የአየር ማስወጫውን ይክፈቱ፤ እንደተከፈተ ይተዉት።
10. ጌጁን ይመልከቱ። «0» ካላሳየ፣ ሥራውን ያቁሙና መካኒኩን ይጥሩ።
11. ማሽኑ አጠገብ ሰው ካለ፣ እንዲርቅ ያድርጉ።
12. አረንጓዴውን በተን ይጫኑ። ማሽኑ ከተነሳ፣ ቀዩን በተን ተጭነው ኤሌክትሪሻኑን ይጥሩ፤ አይቀጥሉ።
13. ማሽኑ ካልተነሳ፣ ቀዩን በተን እንደገና ይጫኑ።
14. የጽዳት በሩን ይክፈቱ።

12ኛው ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስላል። የጠፋና የተቆለፈ ማሽን ለምን ይነሳ እንደሆነ ይሞከራል? ምክንያቱም የተቆለፈው ትክክለኛው ማብሪያ ማጥፊያ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ሙከራ ብቻ ስለሆነ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማሽኖች ባሉበት ክፍል የጎረቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ቆልፎ መሄድ ቀላል ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው 1910.147 የተባለው ደንብም መቆለፍ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኃይሉ መቋረጡ መረጋገጥ አለበት። በ13ኛው ቀዩ በተን የሚጫነው ደግሞ ጓጉንቸሩ ሲነሳና ኃይሉ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ ነው።

ማስጠንቀቂያው ከ9ኛው በላይ መቀመጡን ልብ ይበሉ። ብዙ መመሪያዎች ማስጠንቀቂያን ሁሉ ገጹ መጨረሻ ላይ ያጉራሉ። ሠራተኛው እዚያ ሲደርስ በሩ ተንቀሳቅሷል። እንዲሁም «ካላሳየ»፣ «ከተነሳ» የሚሉት ሁኔታዎች ከትእዛዙ ይቀድማሉ። «መካኒኩን ይጥሩ፣ ጌጁ ‹0› ካላሳየ» ቢባል ሠራተኛው ሁኔታውን ሳይሰማ ትእዛዙን ይሰማል።

ይህ አሠራር ከአውሮፕላን ጥገና ብዙ ትምህርት አግኝቷል። የአውሮፕላን መመሪያዎች በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ከሚጠቀሙባቸው ቴክኒሺያኖች ብዙዎቹ ግን በሌላ ቋንቋ አፍ የፈቱ ናቸው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1986 የአውሮፓ የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መመሪያ አወጣ፤ ዛሬ ASD-STE100 ይባላል። በእሱ መሠረት የሥራ ትእዛዝ የያዘ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል አይበልጥም፤ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ የሚደረጉ ካልሆኑ በቀር ከአንድ በላይ ትእዛዝም አይይዝም። በአማርኛ 20 ቃል የበዛ ይመስለኛል። የእኛ አንድ ግስ አድራጊውንም፣ ተደራጊውንም፣ ጊዜውንም አንድ ላይ ስለሚሸከም፣ ለትእዛዝ 10 ቃል ይበቃል። የአገራችንም ሁኔታ ከአውሮፕላኑ ብዙ አይርቅም። ሐዋሳ ላይ በሲዳምኛ አፉን የፈታ ሠራተኛ አማርኛ ቢናገርም፣ «እንዲያውቅ ከተደረገ በኋላ ሲሆን» የሚለውን መፍታት ይቸግረዋል። «ቀዩን በተን ይጫኑ» ግን ይገባዋል። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎምም የሚሳሳት ቦታ አይኖረውም።

«ይዝጉ»፣ «ይጫኑ» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን ጥሩ ነው። «መዘጋት አለበት» ከሚለው ግን እጅግ ይሻላል፤ የሚያነበው ሰው አድራጊው ራሱ መሆኑን ያውቃል።

ከአንቀጹ ወጥተው ዝርዝሩ ውስጥ ያልገቡ ነገሮች አሉ፤ ምክንያቶቹ። ቫልቩ ለምን እንደሚቆለፍ፣ ቁልፉ ለምን ለጓደኛ እንደማይሰጥ ሠራተኛው ማወቅ አለበት። ግን ቦታው ሥልጠናው ላይ ወይም ከወረቀቱ ጀርባ ነው። ምክንያቱ ከትእዛዙ ጋር ሲቀላቀል ሠራተኛው በየመስመሩ የሚሠራውን ከሚያስረዳው እየለየ እንዲያነብ ይገደዳል። ማሽኑን መልሶ ማስነሳትም የራሱ ወረቀት ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ዋናው ነገር ጓጉንቸሩን የሚያነሳው የቆለፈው ሰው ራሱ መሆኑ ነው። ሰው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ማደባለቂያው ውስጥ የሚገባበት ሥራ ደግሞ ሌላ ፈቃድና ከውጭ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ከላይ ያለው ዝርዝር ለእሱ አይበቃም። «ማሽኑ ለምን ድምፅ አወጣ?» ለሚለው ዓይነት ምርመራም ተራ ቁጥር አይሆንም፤ መካኒኩ ባየው ቁጥር መንገዱ ይለወጣልና።

ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት የሚፈተነው በቢሮ አይደለም። ያንን ማሽን አጽድቶ የማያውቅ ሠራተኛ ወረቀቱ ይሰጠዋል፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ እጁ ከሚደርስበት ቦታ ቆሞ ያየዋል፤ ነገር ግን አደጋ ካላየ አይናገርም። ሠራተኛው ዞር ብሎ ያየበት፣ መስመሩን ደግሞ ያነበበበት፣ «የትኛው ቫልቭ ነው?» ያለበት ቦታ ሁሉ ይመዘገባል። ለዚህኛው ጥያቄ መልሱ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ቫልቩ ላይ ቁጥር ቀብቶ፣ በወረቀቱም «ቁጥር 2 ቫልቭ» ብሎ መጻፍ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር ግዴታ ይጥልበታል። ሠራተኛው ያልተረዳውን ወረቀት ማስፈረም ይህን ግዴታ መወጣት ነው ብዬ አላምንም። የፋብሪካ የደህንነት ኃላፊ ከሆኑ፣ ሰው እጁን ከሚያስገባባቸው ማሽኖች አንዱን ይምረጡ፤ መመሪያውን ይዘው የሚያጸዳው ሠራተኛ ዘንድ ይሂዱና «እስቲ አሳየኝ» ይበሉት።