«ሲቪ ሥራልኝ» ከማለታችሁ በፊት

በቴሌግራም ቶሎ ቶሎ ከሚደርሱኝ መልእክቶች አንዱ «እባክህ ሲቪ ሥራልኝ» የሚለው ነው። የዲግሪ ፎቶና ስልክ ቁጥር አብሮ ይላካል። ለየትኛው ሥራ፣ በምን ልምድ፣ ለየት አገር የሚለው ግን የለም። አንዳንድ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶችም በዚችው መረጃ ብቻ ይሠራሉ፤ የሌላ ሰው ፋይል ይከፍታሉ፣ ስም ይቀይራሉ፣ ያትማሉ። ወረቀቱ ያምራል፣ ግን ለማን እንደተጻፈ አይታወቅም።

አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ እንዲህ ስትጽፍልኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት የማስታወቂያውን ፎቶ ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ 3 ዓመት ቀጥታ አግባብነት ያለው ልምድ፣ ከግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ። እሷ «አምስት ዓመት ተኩል ልምድ አለኝ» ብላለች። ማስታወቂያው የሚቆጥረው ግን እሷ በቆጠረችበት መንገድ አይደለም።

ስለዚህ ልምዷን በወር አስቆጠርኳት። ከኅዳር 2010 እስከ ሐምሌ 2011 እየተማረች ካፌ ውስጥ ካሸር ነበረች። ሐምሌ 2011 ተመረቀች። ከመስከረም 2012 እስከ ሰኔ 2015 መጨረሻ ካዛንቺስ በሚገኝ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠራች። ካፌው ከምረቃ በፊት ስለሆነና የልምድ ደብዳቤም ስለሌለው ለዚህ ማስታወቂያ ዋጋ የለውም። የቀረው 3 ዓመት ከ10 ወር ነው፤ ይበቃል። ከደንበኛ ጋር መሥራት ለሚፈልግ የግል ድርጅት ቢሆን ግን ካፌውን አላወጣውም ነበር።

ቀጥሎ ያለቻት ድርጅት የጻፈላትን ደብዳቤ ጠየቅኩ። ሲቪ ላይ የሚሰፍረው የሥራ መደብና ቀን ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ደብዳቤው «የሒሳብ ሠራተኛ» ካለ፣ ሲቪው ላይ «ሲኒየር አካውንታንት» ብሎ ማሳደግ ማጣራት ሲመጣ ያስጥላል። ሌላ ነገርም አለ፤ በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ድርጅቶች ለቀዋል። ደብዳቤው ላይ ያለው አድራሻና ስልክ ዛሬም እንደሚሠራ ደውላ አረጋገጠች። ማጣራት ለሚፈልግ ሰው የማያነሳ ስልክ መስጠት ራስን መጉዳት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ አገር ነው። እዚያው ካዛንቺስ ላይ፣ በ1958 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ። እሱ ጋ ማመልከት ብትፈልግ ያማረው ሲቪ ብቻውን አይጠቅማትም፤ በ`careers.un.org` በኩል የግል ታሪክ ቅጽ መሙላት አለባት፣ ቅጹም ለእያንዳንዱ ሥራ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር ለሚልክ ደግሞ ፎቶ፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ ሲቪ ላይ አይገባም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀጣሪዎች ግን ዜግነትና የቪዛ ሁኔታን አብዝተው ይጠይቃሉ። ስም በሁሉም ቦታ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ውጭ ለሚልክ ሰው ትልቁ ወጥመድ የቀን መቁጠሪያው ነው። ብዙዎች በእኛ ዓመት ላይ ዝም ብለው 8 ይደምራሉ። ይህ የሚሠራው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን ድረስ ላለው ጊዜ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆች ዲሴምበር እስኪያልቅ ግን የሚደመረው 7 ነው። የልጅቷን ሥራ እንይ፦ መስከረም 2012 ሴፕቴምበር 2019 ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 2015 ጁላይ 2023 ላይ ይውላል። መስከረም ላይም 8 ብትደምር ሴፕቴምበር 2020 ይሆንና አንድ ዓመት ይጠፋል፤ 3 ዓመት ከ10 ወሩ 2 ዓመት ከ10 ወር ይሆናል። 3 ዓመት የሚጠይቅ ቀጣሪ እዚያው ይጥላታል። ስሕተቱን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ወሮቹን በእኛ አቆጣጠር ቁጠሩ፣ ከዚያ በፈረንጆቹ ቁጠሩ። ድምሩ ካልተገጣጠመ አንዱ ቀን ተሳስቷል።

እንግዲህ የሰው እርዳታ ስትጠይቁ ሦስት ነገር ላኩ፦ የማስታወቂያውን ሙሉ ፎቶ፣ የልምድ ደብዳቤዎቹን ፎቶ፣ የምታመለክቱበትን አገር። ማስታወቂያ ገና ካላገኛችሁ፣ ልትሠሩት የምትፈልጉትን የሥራ መደብ የሚጠይቁ ሦስት አራት ማስታወቂያዎችን አንብቡና ሁሉም የሚደጋግሙትን መስፈርት ጻፉ። ሲቪው ከዚያ ይጀመራል።