ወንበሩ የተለቀቀው መቼ ነው?

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ዓይነት መልስ አለ። ጥያቄው ኤስኤን1 እና ኤስኤን2 የሚባሉትን የመተካት አፀግብሮቶች አነጻጽሩ ይላል። ተማሪው ሠንጠረዥ ያሰምርና በአንደኛው ዓምድ «ሦስተኛ ደረጃ ካርበን፣ ፕሮቲክ አሟሚ፣ ራሴሚክ ድብልቅ»፣ በሌላው ዓምድ «አንደኛ ደረጃ ካርበን፣ አፕሮቲክ አሟሚ፣ መገልበጥ» ብሎ ይሞላዋል። የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። ሙሉ ነጥብ ግን አልሰጠውም። ጥያቄው አነጻጽሩ ብሎ የጠየቀው እነዚህ ነገሮች ለምን እንደዚያ እንደተሰለፉ ለማወቅ ነውና። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱን የያዘ ተማሪ ሠንጠረዡን ቢረሳው እንኳ ፈተናው ላይ ቁጭ ብሎ መልሶ ሊሠራው ይችላል።

ከነገሩ እንነሳ። አንድ ካርበን ብሮሚን ተሸክሟል። ኤሌክትሮን የተትረፈረፈው ሌላ ቅንጣት፣ ኑክሊዮፋይል የምንለው፣ መጥቶ የብሮሚኑን ቦታ ይይዛል። የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር አስቡ። ወንበሩ ሞልቷል፤ አንድ ተማሪ ከጫፍ ገፋ አድርጎ ሲቀመጥ በሌላው ጫፍ ያለው ይወድቃል። መግባትና መውጣቱ በአንድ ቅጽበት ይሆናል። ኤስኤን2 ይህ ነው። አንዳንዴ ግን ተቀማጩ ማንም ሳይገፋው ራሱ ተነስቶ ይሄዳል፤ ወንበሩ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ይቆይና ሌላ ሰው ይመጣል። ኤስኤን1 ይህ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ወንበሩ የተለቀቀው አዲሱ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ሲመጣ ነው በሚለው ላይ ያርፋል።

ስያሜውን ያወጡት በ1930ዎቹ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩት ኤድዋርድ ሂዩዝና ክሪስቶፈር ኢንጎልድ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። 1 እና 2 የእርምጃዎች ብዛት አይደሉም። እንዲያውም በእርምጃ ከተቆጠረ ኤስኤን1 ቢያንስ ሁለት እርምጃ አለው፤ ኤስኤን2 አንድ ብቻ። ቁጥሩ የሚነግረን በዝግታ በሚሄደው እርምጃ ላይ ስንት ሞለኪውሎች እንደሚሳተፉ ነው። ስለዚህ የፍጥነት ቀመሮቹ እንዲህ ይጻፋሉ፤

ኤስኤን1፦ v = k[RX]

ኤስኤን2፦ v = k[RX][Nu]

የኑክሊዮፋይሉን ክምችት እጥፍ ብናደርገው ኤስኤን2 እጥፍ ይፈጥናል። ኤስኤን1 ግን አይፈጥንም፤ ተቀማጩ እስኪነሳ ድረስ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ቢበዛ ምንም አይለውጥምና።

አሁን አንድ ጥያቄ ይዘን እንሥራ። «ሀ) አር-2-ብሮሞቡቴን ከሶዲየም አዛይድ ጋር በዲኤምኤፍ ውስጥ ተቀላቀለ። ለ) አር-3-ብሮሞ-3-ሜቲልሄክሴን ውሃና አሴቶን በተቀላቀሉበት አሟሚ ውስጥ ተጨመረ። የእያንዳንዱን መንገድ ለይታችሁ በሰብስትሬት፣ በአሟሚና በስቴሪዮኬሚስትሪ አነጻጽሩ።»

መጀመሪያ ሰብስትሬቱን፣ ማለትም ብሮሚን የተሸከመውን ሞለኪውል እንይ። በ«ለ» ላይ ብሮሚን የያዘው ካርበን ከሦስት ካርበኖች ጋር የተያያዘ ነው፤ ሦስተኛ ደረጃ እንለዋለን። ገፍቶ የሚገባ ኑክሊዮፋይል ከብሮሚኑ ተቃራኒ በሆነው ጀርባ በኩል መምጣት አለበት፤ እዚያ ደግሞ ሦስቱ የካርበን ቡድኖች መንገዱን ዘግተውታል። ስለዚህ ኤስኤን2 አይሆንለትም። በሌላ በኩል ብሮሚኑ ራሱ ቢሄድ የሚቀረው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ካርቦካታዮን ነው፤ እነዚያው ሦስት ቡድኖች ኤሌክትሮናቸውን እያካፈሉ ይደግፉታል። አንዱን መንገድ የዘጉት ሌላውን ከፈቱ ማለት ነው። «ሦስተኛ ደረጃ ስለሆነ ኤስኤን1» ብሎ የሚያቆም መልስ ይህን አይናገርም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በላቦራቶሪ ስድስት የሙከራ ቱቦዎች ይደረደራሉ። በሦስቱ በአሴቶን የሟሟ ሶዲየም አዮዳይድ፣ በሌሎቹ ሦስት በኢታኖል የሟሟ ሲልቨር ናይትሬት አለ። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ 1-ብሮሞቡቴን፣ 2-ብሮሞቡቴንና 2-ብሮሞ-2-ሜቲልፕሮፔን ጥቂት ጥቂት ጠብታ ይጨመራል። በአዮዳይዱ ረድፍ መጀመሪያ የሚደፈርሰው አንደኛ ደረጃው፣ 1-ብሮሞቡቴን ነው፤ አዮዳይዱ ገፍቶ ያስወጣው ብሮማይድ ከሶዲየሙ ጋር በአሴቶን ውስጥ ስለማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃው ብዙ ጊዜ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ይፈልጋል። በሲልቨሩ ረድፍ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሦስተኛ ደረጃው ወዲያው ይደፈርሳል፤ አንደኛ ደረጃው ግን ዘግይቶ የሚመጣ ነው። እነዚያው ሦስት ፈሳሾች በሁለት ረድፍ ላይ ተቃራኒ ተራ ያዙ።

የ«ሀ» ካርበን ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ መካከል ላይ ስለሆነ ሰብስትሬቱ ብቻውን አይወስንም። ፈታኙ የመረጠውም ለዚህ ነው። ተማሪው ወደ ኑክሊዮፋይሉና ወደ አሟሚው እንዲሄድ ይፈልጋል። አዛይድ ኃይለኛ ኑክሊዮፋይል ነው፤ ቤዝነቱ ግን ደካማ ስለሆነ ሃይድሮጅን ነጥቆ አልኬን የመፍጠር ዝንባሌው ትንሽ ነው።

አሟሚው ላይ ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት «ፖላር ስለሆነ» ብለው ሲያቆሙ ነው። ውሃም ዲኤምኤፍም ፖላር ናቸው። የሚለያቸው ውሃ በኦክስጅን ላይ የተቀመጠ፣ ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሃይድሮጅን ስላለው ነው፤ ፕሮቲክ የሚባለው በዚህ ነው። በ«ለ» ዝግተኛው እርምጃ ከአንድ ገለልተኛ ሞለኪውል ሁለት ባለቻርጅ ቅንጣቶች ይፈጥራል። ውሃው በኦክስጅኑ በኩል ካርቦካታዮኑን፣ በሃይድሮጅኑ በኩል ብሮማይዱን ከቦ ያረጋጋቸዋል። የዚህ ውጤት ትንሽ አይደለም። ተርት-ቡቲል ክሎራይድ በውሃ ውስጥ የሚፈርስበት ፍጥነት በኢታኖል ውስጥ ከሚፈርስበት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል።

ለኤስኤን2 ግን ይኸው ውለታ እንቅፋት ነው። ውሃ አዛይዱን በሃይድሮጅን ቦንድ ከቦ ይይዘዋል፤ አዛይዱ ካርበኑን ለመምታት መጀመሪያ ይህን ከበባ መጣስ አለበት። ዲኤምኤፍ የሚያካፍለው እንዲህ ያለ ሃይድሮጅን የለውም። በኦክስጅኑ ሶዲየሙን ይይዝና አዛይዱን ራቁቱን ይተወዋል። ክሎራይድ ሜቲል አዮዳይድን ሲያጠቃ በዲኤምኤፍ ውስጥ ያለው ፍጥነት በሜታኖል ውስጥ ካለው ከሚሊዮን ጊዜ በላይ መሆኑ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ አሟሚን በሚመለከት በሁለቱም ዓምድ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ በዝግተኛው እርምጃ ላይ አሟሚው የሚያረጋጋው የሚፈጠረውን ነው ወይስ የሚያጠቃውን?

የመጨረሻው ስቴሪዮኬሚስትሪ ነው፤ ማለትም በካርበኑ ዙሪያ ያሉት አራት ነገሮች በጠፈር ላይ እንዴት እንደተቀመጡ። እንደ ቀኝና ግራ እጅ፣ ተመሳሳይ ሆነው የማይደራረቡ ሁለት ቅርጾች አሉ። ኑክሊዮፋይሉ ከጀርባ ገፍቶ ሲገባ የቀሩት ሦስት ቡድኖች ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ። ፓውል ዋልደን የማሊክ አሲድ አንድ ቅርጽ በአፀግብሮት ወደ ሌላኛው ሊለወጥ እንደሚችል በ1896 ቢያሳይም፣ መገልበጡ በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሚሆን ግን ለዓመታት ግልጽ አልነበረም። ሂዩዝና ባልደረቦቹ በ1935 አንድ ብልህ መንገድ አገኙ። የ2-አዮዶኦክቴንን አንድ ቅርጽ በአሴቶን ውስጥ ከሬዲዮአክቲቭ አዮዳይድ ጋር አገናኙት። አዮዳይዱ የሚለዋወጥበትን ፍጥነትና ፈሳሹ ብርሃንን የማዞር ችሎታውን የሚያጣበትን ፍጥነት ጎን ለጎን ለኩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ አንድ ሞለኪውል ሲገለበጥ የራሱን ድርሻ ከማጥፋቱ ሌላ ያልተገለበጠ አንድ ሞለኪውል የሚያሳየውንም ያፋልሳል። እጥፍነቱ ሊገኝ የሚችለው እያንዳንዱ መተካት መገልበጥ ከሆነ ብቻ ነው።

በኤስኤን1 መንገድ ካርቦካታዮኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ከሁለቱም ፊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ቅርጾች ተደባልቀው ይገኛሉ። «ፍጹም እኩል» ብሎ መጻፍ ግን ከእውነታው ያልፋል። አር-6-ክሎሮ-2፣6-ዳይሜቲልኦክቴን በውሃ ሲተካ የተገለበጠው ወደ 60 በመቶ፣ ያልተገለበጠው ወደ 40 በመቶ ነው። የለቀቀው ክሎራይድ ወዲያው ርቆ አይሄድም፤ ለጥቂት ጊዜ የነበረበትን ፊት ይሸፍናል፤ ውሃውም በተቃራኒው በኩል የበለጠ ይገባል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛው፣ አር እና ኤስ የሚሉት ፊደላት የቡድኖቹን የቅድሚያ ተራ ተከትለው የሚሰጡ ስያሜዎች ናቸው። በ«ሀ» ብሮሚንም አዛይድም ቀዳሚ ስለሆኑ አር ወደ ኤስ ይለወጣል። አዲሱ ቡድን በተራው ዝቅ ካለ ግን ቅርጹ ተገልብጦም ፊደሉ ላይለወጥ ይችላል፤ ሥዕሉን ሳትሥሉ ፊደል አትገልብጡ። ሁለተኛው፣ በ«ለ» በውሃው ፋንታ ሶዲየም ኢቶክሳይድን የመሰለ ኃይለኛ ቤዝ ቢሰጥ መልሱ ከሁለቱም አንዱ አይሆንም። ሦስተኛ ደረጃው በዋናነት ሃይድሮጅን አጥቶ አልኬን ይሆናል። በውሃ ብቻም ቢሆን ትንሽ አልኬን አብሮ ይወጣል።

እንግዲህ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው መልስ ይህን ይመስላል። «በሀ ካርበኑ ሁለተኛ ደረጃ ሲሆን አዛይድ ኃይለኛ ኑክሊዮፋይል ነው፤ ዲኤምኤፍ በሃይድሮጅን ቦንድ ስለማይይዘው በአንድ እርምጃ ከጀርባ ያጠቃል። ስለዚህ ኤስኤን2 ነው፤ ፍጥነቱ በሁለቱም ክምችት ላይ ይመሠረታል፤ ውጤቱም ኤስ-2-አዚዶቡቴን ነው። በለ ሦስቱ ቡድኖች ጀርባውን ዘግተው ካርቦካታዮኑን ይደግፋሉ፤ ውሃም ቅንጣቶቹን ያረጋጋል። ስለዚህ ብሮማይዱ አስቀድሞ ይለቃል፤ ኤስኤን1 ነው። ካርቦካታዮኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃ በሁለቱም ፊት ገብቶ የ3-ሜቲል-3-ሄክሳኖል ሁለቱ ቅርጾች ይገኛሉ፤ የተገለበጠው በጥቂቱ ይበልጣል።»

እዚህ መልስ ውስጥ የሰመረ ሠንጠረዥ የለም። በእያንዳንዱ «ስለዚህ» ፊት ግን ወንበሩ መቼ እንደተለቀቀ የሚናገር አንድ ምክንያት ቆሟል፤ ነጥብ የምሰጠውም ለእሱ ነው።