ለግማሽ ሲካፈል ለምን ይበዛል?

1¾ ለ½ ሲካፈል ስንት ይሆናል? የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዋ ሊፒንግ ማ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ጥያቄ ለቻይናና ለአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ቀርቧል። 72ቱም የቻይና መምህራን በትክክል አሰሉት። ከ23ቱ አሜሪካውያን ግን ትክክለኛውን መልስ ይዘው የጨረሱት 9 ብቻ ነበሩ። ስሌቱን የሚገልጽ ታሪክ እንዲፈጥሩ ሲጠየቁም በርካቶቹ ነገሩን ለሁለት ሰዎች እኩል አከፋፈሉት። ይህ ለ2 ማካፈል እንጂ ለ½ ማካፈል አይደለም።

ለ½ ማካፈል የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ በ1¾ ውስጥ ስንት ግማሽ አለ?

አንድ ሜትር ከ¾ የሆነ ጥብጣብ በወረቀት ላይ ይሳልና በሩብ በሩብ ሜትር ይከፈል። ሰባት ሣጥኖች ይወጡታል። ግማሽ ሜትር ሁለት ሣጥን ስለሚይዝ ሣጥኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይከበባሉ። ሦስት ሙሉ ግማሾች ይገኙና አንድ ሣጥን ይተርፋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተረፈው ሩብ ሜትር ስለሆነ መልሱን 3¼ ይለዋል። የሚቆጠረው ግን ሜትር ሳይሆን ግማሽ ሜትር ነው፤ የተረፈው ሣጥንም የዚያ እኩሌታ ነው። ስለዚህ መልሱ 3½ ይሆናል።

አካፋዩ ⅔ ቢሆንስ? አንድ ሜትር በሦስት እኩል ሣጥኖች ሲከፈል አንዱ ቁራጭ ሁለቱን ይወስዳል፤ የቀረው አንድ ሣጥን ደግሞ የቁራጩ ግማሽ ነው። በአንድ ሜትር ውስጥ አንድ ተኩል፣ ማለትም 3/2 ቁራጭ አለ ማለት ነው። የ⅔ ተገላቢጦሽ የተገኘው ከዚሁ ሥዕል ነው። ጥብጣቡ 4 ሜትር ከሆነ ለእያንዳንዱ ሜትር 3/2 ቁራጭ ይታሰባል፤ 4 × 3/2 = 6። ማካፈሉ ወደ ማባዛት የተለወጠው በአንዱ ሜትር ውስጥ ያለው ቁራጭ አስቀድሞ ስለታወቀ ነው።

በአልጀብራም ያው ይወጣል። የ a ÷ c/d መልስ x ይባል። ማካፈል የማባዛት ግልባጭ ስለሆነ

x × c/d = a

ይሆናል። x ብቻውን እንዲቀር ሁለቱም ወገኖች በ d/c ይባዛሉ። c/d × d/c አንድ ስለሆነ በግራ በኩል x ብቻ ይቀራል፦

x = a × d/c

እዚህ ላይ c እና d ዜሮ መሆን የለባቸውም።

የሚገለበጠው አካፋዩ ብቻ ነው። በስህተት ተካፋዩ 7/4 ቢገለበጥ 4/7 × ½ = 2/7 ይመጣል። ይህ ከአንድ ያነሰ ነው፤ 1¾ ደግሞ ከ½ ስለሚበልጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ግማሽ ሊኖረው ይገባል። ለማረጋገጥ መልሱን በአካፋዩ ማባዛት ይበቃል፤ 3½ × ½ = 1¾።